«ደውዬለት ነበር» ይርጋን አያቆምም፤ ትተነው የመጣነው ደመወዝና ብድር እስከ መቼ ይጠየቃል?

ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ አንድ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ አገር ቤት ማመልከቻ ይጽፉ ነበር አሉኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከመሰደዴ በፊት ብዙ ዓመት በወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ የክስ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ሆኖም መዝገብ በምን ምክንያት እንደሚዘጋ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ በጣም ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ደግሞ ሰውየው እውነት ስለሌለው ሳይሆን ቀን ስላሳለፈ ነበር።

የልጁ ነገር እንዲህ ነው። በ2016 የምርት ዘመን መተማ በኩል አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ለአረምና ለአጨዳ ተቀጥሮ ሦስት ወር ሠራ። የተስማሙት በወር 6,000 ብር፣ በድምሩ 18,000 ብር ነው። በመሐል 6,000 ተሰጠው። የቀረው 12,000 ብር አጨዳው ሲያልቅ፣ ኅዳር 15 ቀን 2016 ይከፈልሃል ተባለ። ቀኑ ደረሰ፣ አልተከፈለውም። ጥር ላይ ሁኔታው ሲከፋ ድንበር ተሻግሮ በገላባት አድርጎ ወደ ገዳሪፍ መጣ። የካቲት 10 ቀን አሠሪውን በስልክ አገኘው። ሰውየው «ገንዘብህን አውቃለሁ፣ ትንሽ ይረጋጋ እልክልሃለሁ» አለው። ልጁ አመነ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ይደውል ነበር። ሰኔ ላይ ግን መልሱ ተቀየረ፦ «ጊዜው አልፎበታል፣ ከፈለግህ ሂድና ክሰስ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በየወሩ እደውልለት ነበር! እንዴት ጊዜው ያልፋል?» ነው የልጁ ጥያቄ። ይህን ጥያቄ ከእሱ ብቻ አይደለም የሰማሁት። በኡም ራኩባም፣ በቱናይድባም፣ በባቢክሪም አገር ቤት ትቶት የመጣው ደመወዝ፣ ብድር ወይም የእህል ዋጋ ያለው ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ ለእሱ ያስረዳሁትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች፦ ማስጠንቀቂያና ይርጋ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናይ ነው።

ማስጠንቀቂያ ማለት «ቀኑ ደርሷል፣ ገንዘቤን ስጠኝ» ብሎ ለባለ ዕዳው ማሳወቅ ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ወይም ገንዘቡን መፈለጋችሁን በሚያሳይ በማናቸውም ሌላ ድርጊት ሊሰጥ ይችላል ይላል። ክፍያው ከሚደርስበት ቀን በፊት ግን አይሰጥም። የማስጠንቀቂያ ሥራው ባለ ዕዳውን «ዘግይቷል» ማሰኘት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለድና ኪሣራ ይቆጠርበታል።

ይርጋ ሌላ ነው። ይርጋ ማለት ሕጉ ለመክሰስ የሰጠን ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ካለቀ በኋላ የተከሰሰው ሰው «ዕዳው አለብኝ የለብኝም ወደሚለው አልገባም፣ ጊዜው አልፏል» ብሎ ክሱን ሊያስዘጋ ይችላል።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ መስጠት ይርጋን አያቆምም። በየወሩ ብትደውሉ፣ ሽማግሌ ብትልኩ፣ ደብዳቤ ብትጽፉ፣ እናንተ በምታደርጉት ልመናና ጥያቄ ብቻ ሰዓቱ አይቆምም። ሰዓቱን የሚያቋርጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አንደኛው እናንተ ሥልጣን ወዳለው አካል ሄዳችሁ አቤቱታ ስታቀርቡ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለ ዕዳው ራሱ ዕዳውን ሲያምን ነው። ጥያቄው ከእኛ አፍ መውጣቱ አይበቃም፤ እምነቱ ከእሱ አፍ ወይም ከእሱ እጅ መውጣት አለበት።

የልጁ ሰዓት እንዴት ሄደ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ ክፍያና ሌሎች ክፍያዎች መጠየቅ ከሚገባቸው ጊዜ ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቁ በይርጋ ይታገዳሉ ይላል። ሥራ በመቋረጡ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄም እንደዚሁ 6 ወር ነው። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ያለው ጊዜ ደግሞ ከዚህም ያጥራል፣ 3 ወር ብቻ ነው።

ቆጠራው የሚጀምረው መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ቀጥሎ ካለው ቀን ነው። የልጁ 12,000 ብር መከፈል የነበረበት ኅዳር 15 ነው። ስለዚህ ከኅዳር 16 ይጀምርና ስድስት ወሩ ግንቦት 15 ቀን 2016 ይሞላል። የመጨረሻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይገፋል፤ ግንቦት 15 ግን ሐሙስ ስለነበር የሚገፋ ነገር አልነበረም።

አሠሪው በሰኔ ድንገት ድፍረት ያገኘው ለዚህ ነው። ሰውየው ቀን ቆጥሯል። «ይረጋጋ» እያለ ያቆየው እስከ ግንቦት ነው።

ታዲያ የየካቲቱ ስልክ ምንም አይጠቅምም? ይጠቅም ነበር! አዋጁ ሌላው ወገን የጥያቄውን ትክክለኛነት በግልጽ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል ይላል። ሰውየው የካቲት 10 «ገንዘብህን አውቃለሁ» ሲል አምኗል። ያኔ የሄደው ጊዜ ተሰርዞ አዲስ ስድስት ወር ይጀምራል፣ እስከ ነሐሴ 10 ቀን 2016 ይደርስለት ነበር። ማለትም በሰኔ «አልፎበታል» ሲባል ገና ሁለት ወር ያህል በእጁ ነበረው።

ችግሩ ማስረጃው ነው። ስልኩ አልተቀዳም፣ የሰማ ሰው የለም። አሠሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ «እንደዚያ አላልኩም» ካለ ልጁ የሚያሳየው ምን አለው? የስልኩ ዝርዝር መደወሉን ያሳያል እንጂ የተባለውን አይናገርም። አንዲት መስመር የጽሑፍ መልእክት ቢኖረው ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የምጽፍላችሁ።

አንድ ገደብም አለ። በደመወዝ ጉዳይ በአሠሪው እምነት ይርጋን ማቋረጥ የሚቻለው በጠቅላላው ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ነው። በየስድስት ወሩ እያሳመኑ ዕድሜ ልክ መቆየት አይቻልም። በእምነቱ የተገኘውን ጊዜ ለክስ መዘጋጃ ተጠቀሙበት።

«ተሰድጄ ነበር» ማለትስ?

ልጁ ይህንን ስነግረው «ታዲያ እኔ ጦርነት ሸሽቼ ድንበር ማዶ ነበርኩ፣ ሕጉ ይህን አያይም?» አለኝ። ያያል፤ ግን በሩ ጠባብ ነው።

አዋጁ የሥራ ክርክር የሚሰማው አካል የዘገየው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ካረጋገጠ፣ ይርጋው ካለፈ በኋላም ክሱን ሊቀበል ይችላል ይላል። እንደ በቂ ምክንያት በስም የጠቀሳቸው የሠራተኛው ሕመም፣ በታዘዘው መሠረት ከመኖሪያው ውጭ መዛወሩና ለብሔራዊ አገልግሎት መጠራቱ ናቸው። ስደት በስም አልተጻፈም። ነገር ግን ዝርዝሩ «በተለይ» ተብሎ የተቀመጠ እንጂ ሌላውን የሚዘጋ ስላልሆነ፣ ስደትም ከአቅም በላይ ምክንያት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። የሚወስነው ዳኛው ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ያ ከአቅም በላይ የሆነው ነገር ከተወገደ በኋላ ክስ ለማቅረብ ያላችሁ ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው። አዲስ ስድስት ወር አይሰጣችሁም። አገር ቤት ከተመለሳችሁ፣ ዘመድ ጥየቃና ዕረፍት ብላችሁ ሁለት ሳምንት ከቆያችሁ በሩ ሊዘጋ ይችላል።

ደግሞም አሠሪው እንቅፋቱ መቼ እንደተወገደ ይከራከራል። «በየወሩ ስልክ ይደውልልኝ ነበር፤ ለእኔ መደወል የቻለ ሰው ወንድሙን ወክሎ መክሰስ አያቅተውም ነበር» ማለቱ አይቀርም። የልጁ የስልክ ዝርዝር ራሱ በእሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን ነው ማለት ነው! ስለዚህ መከላከያችሁ «ስደተኛ ነኝ» የሚል አንድ ቃል መሆን የለበትም። መቼ ድንበር እንደተሻገራችሁ የሚያሳይ የምዝገባ ወረቀት፣ ታማችሁ ከነበረ የክሊኒክ ወረቀት፣ ውክልና ለማግኘት የጠየቃችሁበትና ያልተሳካላችሁበት ቀን፣ ይህ ሁሉ በቀን በቀኑ መያዝ አለበት። የምዝገባ ወረቀታችሁን ለራሽን ብቻ የሚያገለግል አድርጋችሁ አትዩት፤ ከአገር የወጣችሁበትን ጊዜ የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው።

ብድር ሌላ ሰዓት አለው

ይኼን ስናወራ አጠገባችን ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ ሰውዬ ደነገጡ። «እንግዲያው የእኔማ አበቃለት!» አሉ። እሳቸው ነጋዴ ነበሩ። በሰኔ 2010 ለአንድ ወዳጃቸው ያለ ወለድ 100,000 ብር አበድረው፣ ሰሊጡን ሲሸጥ ጥር 30 ቀን 2011 ሊመልስ በጽሑፍ ተዋውለው ነበር። አልመለሰም። እሳቸውም በወዳጅነት ዝም አሉ። ከዚያ አገሩ ታመሰ።

አይዞዎት አልኳቸው። ብድር የሥራ ክርክር ስላልሆነ የ6 ወሩ ይርጋ አይነካውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ ጥያቄ ይርጋው 10 ዓመት ነው። ቆጠራው የሚጀምረውም ብሩ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን መመለስ ከነበረበት ቀን ነው። ስለዚህ የእሳቸው ብድር እስከ ጥር 2021 ድረስ ሊጠየቅ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ ማዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ግን የሚታየው በእሳቸው ጉዳይ ነው። ባለ ዕዳው ገንዘብ ሲያዘገይ በማስጠንቀቂያ ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ ሕጋዊ ወለድ ይከፍላል፤ ሕጋዊ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ ነው። ለ100,000 ብር በዓመት 9,000 ብር ማለት ነው። ጥር 30 ቀን 2011 እንዳለፈ አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ እስከ ጥር 30 ቀን 2016 ባለው አምስት ዓመት ብቻ 45,000 ብር ወለድ ይታሰብላቸው ነበር። ማስጠንቀቂያውን የሰጡት በጥር 2016 ከሆነ ግን ወለዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ያ 45,000 ብር ቀረ። ውሉ ራሱ «ቀኑ እንዳለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደዘገየ ይቆጠራል» የሚል ቃል ካለው ግን ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። ያንን ለማወቅ ውላችሁን አንብቡ።

ልዩነቱን አያችሁት? ማስጠንቀቂያ ቢዘገይ ወለዱ ይቀንሳል፣ ዋናው ገንዘብ ግን አለ። ክስ ቢዘገይ ግን ዋናውም ይሄዳል።

ሰውየው ሌላም ችግር ነበረባቸው። የብድሩ ወረቀት ቤታቸው ሲዘረፍ ጠፍቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም። «አሥር ሰው አይቷል» ቢሉ አይበቃቸውም። ስለዚህ ለእሳቸው ከባለ ዕዳው አዲስ የጽሑፍ እምነት ማግኘት ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የጠፋውን ወረቀት ይተካል፣ ይርጋውንም ከአዲስ ያስጀምራል። ዕዳ በጽሑፍ ሲታመን አዲሱ ጊዜ እንደገና 10 ዓመት ነው። ከዕዳው ላይ ጥቂት መክፈልም እንደ እምነት ይቆጠራል። 1,000 ብር እንኳ «ከብድሩ ላይ» ብሎ በባንክ ቢልክላቸው ይርጋው ይቋረጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። በሠራተኛ አዋጁ ያለው «ከአቅም በላይ» የሚለው የ10 ቀን በር በውል ሕጉ የይርጋ ክፍል በዚያ መልክ አልተጻፈም። እዚያ ዳኛው ይርጋን ወደ ጎን ሊተው ይችላል ተብሎ የተጻፈው፣ ባለ ገንዘቡ በጊዜው ያልጠየቀው ከባለ ዕዳው ጋር ባለው ዝምድና ወይም የበታችነት ምክንያት ሲሆን ነው። ስለዚህ አሥር ዓመት ረጅም ነው ብላችሁ በስደት ላይ አትተማመኑ።

የእናንተ የትኛው ነው?

እርሻ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ደመወዝተኛ አይደለም። በአሠሪው ትእዛዝና በካቦ እየታዘዘ በቀን፣ በወር ወይም በሄክታር ሒሳብ የሠራ ሰው ሠራተኛ ነው፤ ውሉ በቃል ቢሆንም ሥራውም የአንድ ወቅት ቢሆንም ያው ነው። የእሱ ሰዓት 6 ወር ነው። በራሱ ትራክተር ወይም በራሱ ሰዎች ሥራውን በኃላፊነት ተረክቦ የጨረሰ፣ ሰሊጡን በዱቤ የሸጠ፣ መሬቱን በእኩል ያረሰ ግን ጥያቄው በአብዛኛው ከሌላ ውል የመጣ ነው፤ ረጅሙ ጊዜ ይሠራለታል። ጥርጣሬ ካላችሁ አጭሩን ጊዜ እንደ እናንተ አድርጋችሁ ያዙ። በአጭሩ ቆጥሮ የቀደመ ሰው የሚጎዳው ነገር የለም።

የተቃጠለ ቤት፣ የተነዳ ከብት ደግሞ በውል የመጣ ስላልሆነ ሦስተኛ ሰዓት አለው፦ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ብቻ በዚያ ረጅም ጊዜ መጠየቅ ይቻላል።

እዚሁ ገዳሪፍ ሱዳናዊ የእርሻ ባለቤት ዘንድ ሠርታችሁ ያልተከፈላችሁ ደግሞ ይህን ቁጥር እዚያ አትውሰዱት። የዚያ ጉዳይ የሚታየው በሱዳን ሕግ ነው።

ከካምፕ ሆኖ ምን ይደረጋል?

የመጀመሪያው ሥራ ስልካችሁ ላይ ነው። መክሰስ ውክልና ይፈልጋል፣ እምነት ማግኘት ግን ውክልና አይፈልግም። ከባለ ዕዳው ጋር ገና በሰላም የምትነጋገሩ ከሆነ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት በጽሑፍ አናግሩት። መልእክቱ ማን፣ ለምን፣ ስንት፣ መቼ የሚለውን ይያዝ። እኔ ለልጁ የጻፍኩለት ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከነሐሴ እስከ ኅዳር 2016 እርሻዎ ላይ ለሠራሁበት ከ18,000 ብር ውስጥ 6,000 ተቀብዬ 12,000 ብር ይቀረኛል። ኅዳር 15 ነበር የሚከፈለኝ። መቼ እንደሚልኩልኝ ቢጽፉልኝ።»

«አዎ ሰሊጡን ስሸጥ 12,000ውን እልካለሁ» ብሎ ከመለሰ እምነት ነው። «እሺ» ብቻ ካለ ደካማ ነው፤ ለየትኛው እሺ እንዳለ ያከራክራል። ዝም ካለ ዝምታው እምነት አይደለም፣ ሰዓቱም አይቆምም። መልሱን በድምፅ ከላከ አታጥፉት። ስልኩ ቢጠፋ እንዳይቀር ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ለምታምኑት ዘመድ ላኩ። የኤሌክትሮኒክ መልእክት በኢትዮጵያ ሕግ እውቅና አለው፤ ክብደቱን ግን ዳኛው ነው የሚመዝነው፣ ስለዚህ ስልኩ ራሱ ከነመልእክቱ ቢኖር ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራ ሰው መወከል ነው። የደመወዝ ክስ የሚቀርበው ሥራው በተሠራበት አካባቢ ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ በሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። እናንተ መቅረብ ስለማትችሉ እንደ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት ወይም እናት ያለ የቅርብ ቤተሰብ፣ አለዚያም ጠበቃ መወከል አለባችሁ። ውክልናው በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት የተረጋገጠ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ውክልና ለማውጣት ሰው ወዲያው የሚያስበው ቆንስላ ነው። ስደተኛ ሆኖ የአገሩን መንግሥት አገልግሎት በፈቃዱ መጠቀም፣ «ወደ አገሩ ጥበቃ ተመልሷል» የሚል ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። አንድ ወረቀት ማውጣት በራሱ ስደተኝነትን ያጠፋል ማለት አይደለም፤ ግን ሳትጠይቁ አትሂዱ። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 25 መሠረት፣ ስደተኛው በተለመደው መንገድ ከአገሩ መንግሥት የሚያገኛቸውን ሰነዶች አስጠልሎት ያለው አገር እንዲሰጠው ወይም እንዲያሰጠው ይጠበቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ የካምፑን የጥበቃ ክፍል ሠራተኞች፣ ከስደተኞች ኮሚሽን ወይም ከዩኤንኤችሲአር፣ ጠይቁ። የጠየቃችሁበትንም ቀን መዝግቡ። ባይሳካ እንኳ ያ ቀን ከአቅም በላይ ለሚለው ክርክራችሁ ማስረጃ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ የክሱን ማመልከቻ ከነማስረጃው ቀድማችሁ አዘጋጁና ይቀመጥ። ውክልናው በደረሰ ቀን ወይም እናንተ በተመለሳችሁ ቀን የ10 ቀኑ ቆጠራ ሊጀምር ይችላል። ያን ጊዜ ምስክር ፍለጋና ወረቀት ፍለጋ ከጀመራችሁ ቀኑ አይበቃም።

ካለፈስ በኋላ?

ጊዜው አልፏል ብላችሁ ደግሞ ፈጥናችሁ አትቅበሩት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ ማንሣት ያለበት ተከሳሹ ነው። ያውም መልስ ሲሰጥ ገና ከመጀመሪያው በመቃወሚያው ማንሣት አለበት። ዝም ብሎ ወደ ፍሬ ነገሩ ገብቶ ከተከራከረ በኋላ ቢያስታውሰው እንደተወው ሊቆጠርበት ይችላል። በሠራተኛ አዋጁም አሠሪው ይርጋን የመቃወሚያ መብቱን ሊተው ይችላል፤ የሚጸናው ግን የተወው ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደሆነ ነው። ሲቀጥራችሁ «ይርጋ አላነሣም» ብሎ ቢፈርም አይሠራም።

ግን በዚህ ላይ ተስፋ ጥላችሁ አትቀመጡ። ጠበቃ የያዘ ተከሳሽ መጀመሪያ የሚያነሣው ይርጋን ነው። እኔ በጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ላይ ሲመጣ ያየሁት የመልስ ወረቀት የመጀመሪያ መስመሩ ብዙውን ጊዜ እሱ ነበር።

ወደ ልጁ ልመለስ። በሰኔው ስልክ «አልፎበታል» ካለው በኋላ ሐምሌ ላይ ያን መልእክት ላክን። አሠሪው ሦስት ቀን ዝም ብሎ በአራተኛው «12,000ውን አልካድኩም፣ ገበያ የለም» ብሎ ጻፈለት። ይህች መስመር ዋጋ አላት። የየካቲቱን እምነት ማስረዳት ከቻለ ይርጋው ገና አላለፈም ነበር፤ ካልቻለም ጊዜው ካለፈ በኋላ ይርጋውን እንደተወ ይቆጠራል ብሎ መከራከሪያ ትሆነዋለች። ታሸንፋለች ብዬ አልማልም፣ ዳኛው ያያታል። አሁን መልእክቱ በሦስት ሰው ስልክ ላይ አለ፤ የክሱ ማመልከቻ ተጽፎ ወንድሙ ዘንድ ተቀምጧል፤ እኛ ደግሞ የውክልናውን ነገር ለጥበቃ ክፍሉ አመልክተን ቀኑን በደብተሩ ላይ ጽፈናል።

ነጋዴው ሰውዬም በማግስቱ መጥተው «ወዳጄን በምን ቋንቋ ብጽፍለት ሳይቀየመኝ ያምንልኛል?» አሉኝ። አብረን ቁጭ ብለን «የብድራችን ወረቀት ስለጠፋብኝ» ብለን ጀመርንላቸው።